«ሳውቅ በድፍረት፣ ሳላውቅ በስህተት» ስንል ምን እያልን ነው?

ባለፈው ወር አንድ ልቅሶ ቤት ተቀምጬ ነበር። ሟቿ አሮጊት መንገድ ሲሻገሩ መኪና ገጭቷቸው ነው የሞቱት። የሹፌሩ ዘመዶች ሽማግሌ ይዘው ለይቅርታ መጥተዋል። ልጁ ራሱም በዋስ ተለቅቆ ከኋላቸው አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ከመካከላቸው አንድ ጎልማሳ ተነሣና «እንግዲህ ሳያውቅ በስህተት ያደረገው ነው፤ ወንጀል የሚባለው አውቆ በድፍረት ቢያደርገው ነበር» አለ። ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። በልቅሶ ቤት ክርክር አይያዝም፤ እኔም ዝም አልሁ። ያን ዕለት ያልተናገርሁት ግን እስካሁን ሆዴ ውስጥ አለ።

አባባሉን የማያውቅ የለም። ለንስሐ አባታችን እንለዋለን፤ ጾም ሲያዝ ለጎረቤት፣ ሥራ ስንለቅ ለባልደረባ እንለዋለን። ሁለቱም ግማሾች የሚያርፉት «ይቅር በሉኝ» ላይ ነው። ስህተት ከጥፋት ነጻ የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ አባቶቻችን ለድፍረቱ ብቻ ይቅርታ ጠይቀው ያቆሙ ነበር። አባባሉ የጥፋትን ሁለት መልክ ይለያል እንጂ አንዱን ጥፋት፣ ሌላውን ንጽሕና አላለም።

ቃላቱም ይህንኑ ይመሰክራሉ። ድንበር ይደፈራል፤ ሕግ ይደፈራል። የሚደፍር ሰው ወሰኑን ያየ ሰው ነው፤ አይቶ የተሻገረ። ሳተ ስንል ደግሞ መንገድ ለቀቀ ማለታችን ነው። መንገድ ሳተ የሚባለው መንገድ እያለ ነው፤ መንገድ በሌለበት ሜዳ ማንም አይስትም። የእኔ እምነት፣ ማስረጃው ባይኖረኝም አጥብቄ የምይዘው፣ ይህ አነጋገር ወደ ቤተ ክርስቲያን ጸሎት ከመግባቱ በፊት የባላገር ሽማግሌ ጥያቄ ነበር የሚል ነው። አጥፊ ዛፍ ሥር ቀርቦ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚመጣው ጥያቄ «ወሰኑን አይተህ ነው የተሻገርኸው ወይስ መንገዱን ስተህ?» የሚል ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ እንዳምን ያደረገኝ በልጅነቴ ያየሁት አንድ ጉባኤ ነው።

ዘጠኝ ዓመት ቢሆነኝ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች ለሠርግ ዳስ የሚሆን ባሕር ዛፍ ሊቆርጡ ወረዱ። አንዱ ምሳሩን ሲያነሣ ብረቱ ከዛቢያው ሾልኮ በረረና የሌላውን ጭንቅላት መታ። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ዐረፈ። መቺውን ፖሊስ ወሰደው፤ ሲመለስ ደግሞ ሁለቱ ቤተሰብ ደም እንዳይቃባ ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔ ጠላ አቅራቢ ነበርሁ፤ ሁሉንም ሰምቻለሁ።

ያን ቀን የተጠየቀውን ለመረዳት ምሳር እንዴት እንደሚገጠም ማወቅ ያስፈልጋል። አያቴ ዛቢያውን ከወይራ ይጠርበዋል። ወደ ብረቱ ቀዳዳ ካስገባው በኋላ ጫፉን ሰንጥቆ ሽብልቅ ይመታበታል። ማታ ብረቱንም ጫፉንም ውኃ ውስጥ ያሳድረዋል፤ እንጨቱ ሲያብጥ ብረቱን ጥርቅም አድርጎ ይይዛል። ጠዋት ቂጡን ድንጋይ ላይ ደቃ ደቃ ያደርጋል፤ ከዚያ ሰው በሌለበት ሁለት ሦስቴ ይወዘውዘዋል። እንዲህ ሆኖም ቀን ፀሐይ ሲመታው እንጨቱ ይደርቅና መላላት ይጀምራል። መላላቱ በሁለት ነገር ይታወቃል። ድምፁ ይለወጣል፤ ደፍኖ «ቷ» ሲል የነበረው ቀጭ ቀጭ ማለት ይጀምራል። ደግሞም ብረቱ ሲሸሽ ተሸፍኖ የቆየው የዛቢያው ክፍል በጣት ስፋት ነጣ ብሎ ይወጣል። ያንን ነጭ ቀለበት አይቶ የሚቀጥል ሰው ካለ አያቴ ከአጠገቡ ልጅ ያርቅ ነበር።

ሽማግሌዎቹም የጠየቁት እሱኑ ነው።

«ዛቢያውን ማን ገጠመው?»

«እኔው ነኝ፣ አባቶቼ።»

«ሽብልቅ ነበረው?»

«ነበረው። ረፋድ ላይ ወደቀ።»

«መውደቁን አየህ?»

ብዙ ጊዜ ዝም አለ። «አየሁ። በድንጋይ መታ መታ አድርጌ ቀጠልሁ። ይይዛል ብዬ።»

«ከሟቹ ጋር ቂም ነበራችሁ?»

«የወሰን ነገር ነበረን። ግን አምና ታርቀናል።»

ከዓመታት በኋላ የሕግ ትምህርት ቤት ገብቼ የወንጀል ሕጉን ስከፍት ያን ዛፍ ሥር ያገኘሁት መሰለኝ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 23 አንድ ወንጀል ሆነ የሚባለው ሕጋዊ፣ ግዙፋዊና ሞራላዊ ፍሬ ነገሮቹ አንድ ላይ ሲሟሉ ነው ይላል። ሕጋዊው ድርጊቱን የሚከለክል ሕግ መኖሩ ነው። ግዙፋዊው የሚታየው ነው፤ የበረረው ብረት፣ የተሰበረው ጭንቅላት፣ በሁለቱ መካከል ያለው የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት። ፈረንጆቹ አክተስ ሬየስ ይሉታል። ሞራላዊው ደግሞ ሜንስ ሬያ ነው፤ በሰውየው ልብ ውስጥ የነበረው።

ግዙፋዊው ከሌለ ነገሩ እዚያው ያበቃል። ጎረቤቱን ስለ ወሰን አሥር ዓመት ቢጠላው፣ ማታ ማታ ሞቱን ቢመኝ፣ ምንም እስካላደረገ ድረስ ለንስሐ አባቱ ጉዳይ እንጂ ለዳኛ ጉዳይ አይሆንም። ሁለቱ መገናኘትም አለባቸው። የአምና ጥላቻ ዘንድሮ በአጋጣሚ ከበረረ ብረት ጋር ተለጥፎ ግድያ አይሆንም። ሽማግሌዎቹ ስለ ቂም ጠይቀው «ታርቀናል» ሲላቸው ያለፉት ለዚህ ነው።

ከባዱ ልብ ነው። አንድ ምሳር፣ አንድ ብረት፣ አንድ አስከሬን ይዘን ልቡን ብቻ እንለዋውጥ። ሰውየው ብረቱን አነጣጥሮ ቢወረውረው ኖሮ አስቦ መግደል ነው፤ አንቀጽ 58 ቀጥተኛውን ሐሳብ እንዲህ ነው የሚያየው። መላላቱን አይቶ፣ ጎረቤቱ ፊት ለፊቱ መቆሙን አይቶ፣ «ቢያገኘውም ያግኘው» ብሎ ቢያነሣውስ? ይኸም በዚያው አንቀጽ አስቦ ማድረግ ነው፤ ውጤቱን ባይመኘውም ተቀብሎታልና። ብዙ ሰው ይህንን «ስህተት» ይለዋል። አይደለም፤ የአባባሉ ድፍረት ማለት ይኸው ነው።

አሁን አንድ ፀጉር ያህል ዞር እንበል። መላላቱን አይቷል፤ አደጋ ሊያመጣ እንደሚችልም ያውቃል፤ ግን «ይይዛል» ብሎ ተማምኗል። ይህ በአንቀጽ 59 ቸልተኝነት ነው፤ የጎረቤታችን መልስ የወደቀው እዚህ ላይ ነበር። ጭራሽ ሳያየው ቢቀር፣ ግን ማንም ምሳር የሚይዝ ሰው ማየት የነበረበት ከሆነ፣ እሱም ቸልተኝነት ነው። በ«ያግኘው» እና በ«ይይዛል» መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ ይመስላል። በሕጉ ግን ተራ ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት ሲያስቀጣ፣ በቸልተኝነት መግደል በአንቀጽ 543 መነሻው ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ ነው። እንደ ሹፌርና ሐኪም ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ከፍ ይላል።

ሌሊቱን ውኃ ውስጥ አሳድሮ፣ ሽብልቁን መትቶ፣ ጠዋት ፈትሾ፣ ከላይ የማይታይ ስንጥቅ ከውስጥ ቢከዳውስ? ያኔ ጥፋት የለም፤ አንቀጽ 57 በድንገተኛ አጋጣሚ የደረሰውን አያስቀጣም። እንዲህ ያለው ሰው «ሳላውቅ በስህተት» ማለትም አይገባውም። አልሳተምና።

ቸልተኝነት የሚያስቀጣው ሕጉ ለይቶ በተናገረበት ብቻ መሆኑም አይረሳ። ያ ብረት ጭንቅላት ስቶ የጠላ ጋን ቢሰብር ኖሮ ጋኑን መክፈል ይኖርበታል እንጂ ወንጀለኛ አይባልም።

ልብን ማን ያያል የሚለኝ አለ። ዳኛ ልብ አያይም፤ ነጩን ቀለበት ነው የሚያየው። ሽብልቁ የት ወደቀ? በድንጋይ የተመታበት ጠባሳ ዛቢያው ላይ አለ ወይ? ከመምታቱ በፊት «ዞር በል» ብሎ ነበር ወይ? ልብ የሚነበበው በእጅ ሥራ ላይ ነው።

የሚገርመው ፈረንጆቹም ነገሩን ያገኙት ከስብከት ነው። የሂፖው ጳጳስ አውግስጢኖስ፣ በዛሬዋ አልጄሪያ የኖረው አፍሪካዊ፣ ስለ ሐሰት መሐላ ሲሰብክ ልብ በደለኛ ካልሆነ ምላስ በደለኛ አትሆንም አለ። እውነት መስሎት በስህተት የማለና ሐሰት መሆኑን እያወቀ የማለ እኩል አይደሉም። በ12ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የእንግሊዝ የሕግ ስብስብ ቃሉን ወሰደው፤ ኋላም ከምላስ ወደ ማንኛውም ድርጊት ሰፋና ዛሬ በየሕግ ትምህርት ቤቱ ይጠናል። እኛ የሁለት ግማሽ አባባል ይዘን ሳለ የላቲኑን ብቻ እየጠቀስን መኩራታችን ያሳዝነኛል።

ከዚያ በላይ የሚያሳዝነኝ ግን አባባሉን ቆርጠን መያዛችን ነው። በበዓል ዋዜማ ለአንድ መቶ ሰው በአንድ ጊዜ «ሳውቅ በድፍረት ሳላውቅ በስህተት» ብለን እንልካለን፤ ለማን የትኛው ግማሽ እንደሚገባው አንለይም። ሽማግሌ ይዘን ስንሄድ ደግሞ ሁለተኛውን ግማሽ እንደ ጋሻ እናነሣዋለን። እባካችሁ፣ ይቅርታ የምትጠይቁትን ሰው የቱን ግማሽ እንደበደላችሁት ለዩለት።

ልቅሶ ቤቱ ውስጥ ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ሲጨርስ፣ ልጁ ከኋላ ወደ ፊት መጣና የሟቿ ልጅ እግር ላይ ወደቀ። ድምፁ አይሰማም ነበር፤ አጠገቡ ስለተቀመጥሁ ሰማሁት። «የፍሬን ሸራው ማለቁን መካኒኩ በሳምንቱ መጀመሪያ ነግሮኝ ነበር፣ እትዬ። እስከ እሑድ ይይዛል ብዬ ነው።»