የጆይስቲክ ድሪፍት ምንድን ነው? ለሻጩስ እንዴት ይጻፋል?

ጆይስቲኩ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም። ስክሪኑ ላይ ያለው ተጫዋች ግን ቀስ እያለ ወደ ላይ ይሄዳል። አጥቂህ ኳሱን ትቶ ወደ መስመር ያመራል፤ ሜኑ ውስጥ ደግሞ ምርጫው ብቻውን እየዘለለ ያስቸግርሃል። ድሪፍት የሚባለው ይኼ ነው፤ አናሎጉ፣ ማለትም በአውራ ጣት የሚገፋው ትንሽ ዱላ፣ ሳይነካ እንደተነካ ሆኖ መታየቱ።

የአክስቴ ልጅ ባለፈው ታኅሣሥ ከአንድ የቴሌግራም ሻጭ የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ገዛ። «አዲስ፣ ኦሪጅናል» ተብሎ በሞተር መጣለት። በስድስተኛው ቀን የግራው አናሎግ ብቻውን መሄድ ጀመረ። ለሻጩ «ሰላም፣ ጆይስቲኩ ተበላሽቷል፣ ቀይሩልኝ» ብሎ ጻፈ። መልሱ በደቂቃ ውስጥ መጣ፦ «ወንድሜ፣ እሱ የሴቲንግ ችግር ነው። እኛ ሞክረን ነው የላክነው።» ከዚያ ዝም።

ልጁ ተናደደ። እኔ ግን ሻጩን ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። «ተበላሽቷል» የሚለው ቃል ምንም አይነግረውም። ወድቆ ሊሆን ይችላል፣ ውሃ ፈሶበት ሊሆን ይችላል፣ ጌሙ ሊሆን ይችላል። እሱም በእርግጥ ሞክሮት ሊሆን ይችላል፤ እንዴት እንደሆነ ወደታች እናያለን።

መጀመሪያ ውስጡን እንመልከት። በአብዛኞቹ ጆይስቲኮች ውስጥ ከእያንዳንዱ አናሎግ ሥር ትንሽ ሳጥን አለች። በሳጥኗ ጎንና ጎን ሁለት ፖቴንሽዮሜትሮች ተለጥፈዋል፤ አንዱ ግራና ቀኝን፣ ሌላው ላይና ታችን ይለካል። ፖቴንሽዮሜትር የድሮ ሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ ውስጥ ያለው ነገር ነው። ካርቦን የተቀባ ቀጭን መንገድ አለ፣ በላዩ ላይ ትንሽ የብረት ምላስ ትንሸራተታለች። ምላሷ የቆመችበት ቦታ ቮልቴጁን ይወስናል። ጆይስቲኩም ቮልቴጁን አይቶ «አናሎጉ እዚህ ጋ ነው» ይላል።

ችግሩ ምላሷ ካርቦኑን ሁልጊዜ እየፋቀች መሄዷ ነው። በተለይ መሃሉ ቶሎ ያልቃል፤ አናሎጉን በለቀቅክ ቁጥር ስፕሪንጉ የሚመልሰው ወደዚያው ነውና። የተፋቀው ብናኝ እዚያው ይቀራል። ስፕሪንጉም ሲላላ አናሎጉ ወደ ትክክለኛው መሃል አይመለስም። ያን ጊዜ ጆይስቲኩ ቆሞ ሳለ «ትንሽ ወደ ላይ ነኝ» ብሎ ይዋሻል።

ይህ ግን በወራት የሚመጣ ነገር ነው። በስድስት ቀን ከመጣ ሌላ ምክንያት መፈለግ አለበት። ወይ ከፋብሪካ ሲወጣ መሃሉ በደንብ አልተስተካከለም፣ ወይ ኮፒ ነው፣ ወይ ደግሞ ያገለገለ ጆይስቲክ ተወልውሎ ካርቶን ውስጥ ገብቷል። የመጨረሻውን ለመለየት አናሎጉን ወደ ጎን ገፋ አድርገህ አንገቱን ተመልከት። ዙሪያውን ነጭ ዱቄት መሳይ ነገር ካለ፣ ወይም አንገቱ የሚነካው የፕላስቲክ ቀለበት ተፍቆ ከታየ፣ ብዙ ተጫውተውበታል። የላይኛው ጎማ ጥርሱ ጠፍቶ ልስልስ ካለም እንዲሁ። የእኛው ላይ ነጩ ዱቄት አልነበረም፤ ስለዚህ «ያገለገለ ሸጣችሁልኝ» ብለን አልጻፍንም። ያላየኸውን ከጻፍክ ያየኸውንም አያምኑህም።

አሁን ወደ ሻጩ «ሞክረነዋል» እንምጣ። አብዛኞቹ ጌሞች ዴድዞን የሚባል ነገር አላቸው። ይኸውም አናሎጉ ከመሃል ትንሽ ቢነቃነቅ ጌሙ እንዳላየ የሚያልፍበት ክልል ነው። አንዱ ጌም ሰፊ ዴድዞን አለው፣ ሌላው ጠባብ። ማይክሮሶፍት ለኤክስቦክስ ጆይስቲክ የግራ አናሎግ ለጌም ሠሪዎች መነሻ አድርጎ የሚሰጠው ቁጥር ከ32767 ውስጥ 7849 ነው፤ ወደ ሩብ የሚጠጋ። ስለዚህ ያው ጆይስቲክ እሱ ሱቅ በአንድ ጌም ደህና ሆኖ፣ አንተ ቤት በሌላው ብቻውን ሊሄድ ይችላል። ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ጌሙ ላይ መከራከር የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ የሚያዋጣው ቁጥር ነው።

ቁጥሩን ለማግኘት ጆይስቲኩን በኬብል ከኮምፒውተር ጋር አገናኝ። ዊንዶውስ ከሆነ `joy.cpl` ብለህ ክፈት፤ አናሎጉን የሚያሳይ ሳጥንና በውስጡ መስቀል ታያለህ። ቁጥሩ ራሱ ከተፈለገ ደግሞ ብሮውዘር ከፍተህ F12ን ትጫናለህ፣ ጆይስቲኩ ላይ አንድ በተን ነክተህ ብሮውዘሩ እንዲያውቀው ታደርጋለህ፣ ከዚያ Console የሚለውን ከፍተህ ይህን ትጽፋለህ፦

```
navigator.getGamepads()[0].axes
```

አራት ቁጥሮች ይመጣሉ። አብዛኛውን ጊዜ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የግራው አናሎግ ናቸው፣ የቀሩት ሁለቱ የቀኙ። እያንዳንዱ ከ-1 እስከ 1 ይደርሳል፣ መሃሉ 0 ነው። ጤነኛም ቢሆን ልክ 0 ላይ አይቆምም፤ 0.02 ወይም 0.03 ብታይ አትደንግጥ። የእኛው እጅ ሳይነካው እንዲህ አለ፦

```
[0.00, -0.19, 0.01, 0.00]
```

ሁለተኛው ቁጥር የግራው አናሎግ ላይና ታች ነው፣ ከዜሮ በታች ማለት ወደ ላይ። አምስት ጊዜ አናሎጉን ነካ አድርገን ለቀቅነው፤ በየጊዜው ከ-0.17 እስከ -0.21 ባለው መሃል ተመለሰ። የቀኙ አናሎግ ግን ዜሮ ላይ ነበር። ይኼ ትልቅ ማስረጃ ነው። ሴቲንግ ቢሆን ኖሮ ገና ጌም ሳይከፈት አይታይም ነበር።

ከመጻፋችን በፊት አንድ ነገር ቀረ። የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ጀርባው ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለች። ፕሌይስቴሽኑን አጥፍተህ በመርፌ ለአምስት ሰከንድ ያህል ጫን ትላለህ፣ ከዚያ በኬብል እንደገና ታገናኘዋለህ። ሻጩ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ሪሴት አድርገኸዋል?» ብሎ ነው። አድርገነው ቁጥሩ አልተለወጠም። የማይደረገው ደግሞ መክፈት ነው። ሰፈር ያለ ጠጋኝ «ስፕሬይ ልንፋበት፣ ይስተካከላል» ይልሃል። ለጥቂት ቀን ይስተካከል ይሆናል፤ የተፋቀ ካርቦን ግን በስፕሬይ አይመለስም። ቪሱ አንዴ ከተነካ ደግሞ ሻጩ «አንተ ነህ ያበላሸኸው» የሚልበት በር ተከፈተለት።

ደብዳቤው እንዲህ ሆነ፦

«ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ታኅሣሥ 3 ከእናንተ የፕሌይስቴሽን 5 ጆይስቲክ ገዝቼ በዚያው ቀን ተረክቤያለሁ። የከፈልኩበት ደረሰኝ ከታች ተያይዟል። ከታኅሣሥ 9 ጀምሮ የግራው አናሎግ ሳይነካ ወደ ላይ ይሄዳል። ከኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ስለካው፣ እጅ ሳይነካው ከ-0.17 እስከ -0.21 ያሳያል፤ የቀኙ አናሎግ ግን ዜሮ ላይ ነው። ጌም ሳይከፈት የተለካ በመሆኑ ከጌም ሴቲንግ ጋር አይገናኝም። ሪሴት አድርጌዋለሁ፣ በሁለት ኬብል ሞክሬዋለሁ፣ ለውጥ የለም። አልወደቀም፣ አልተከፈተም። የ40 ሰከንድ ቪዲዮ፣ የጀርባው ተከታታይ ቁጥር ፎቶና የካርቶኑ ፎቶ አብረው አሉ። የምጠይቀው በተመሳሳይ አዲስ ጆይስቲክ እንዲተካልኝ ነው። ከሌላችሁ ገንዘቤ ይመለስልኝ። ዕቃው ከነካርቶኑ ዝግጁ ነው፤ መቼና የት ላምጣው? እስከ ታኅሣሥ 15 መልሳችሁን እጠብቃለሁ።»

ቪዲዮው ሳይቆረጥ በአንድ ጊዜ የተቀረጸ ነው። መጀመሪያ ተከታታይ ቁጥሩን ያሳያል፣ ከዚያ ጆይስቲኩ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፣ ከዚያ ስክሪኑ። ተከታታይ ቁጥሩ ከሌለ «የሌላ ጆይስቲክ ቪዲዮ ነው» ማለት ይቻላል።

ቀኑን ታኅሣሥ 15 ያደረግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813፣ ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው ከገዛበት ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃውን መልሶ እንዲተካለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል ይላል። ከታኅሣሥ 3 ሲቆጠር እስከ 18 ነው። ሦስት ቀን ለራሳችን አስቀረን። በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ግን አዋጁን አልጠቀስንም። ሰው ገና ሳይከለክልህ ሕግ ስትመዝበት ግብግብ ይሆናል፤ አዋጁ ለሁለተኛው ደብዳቤ ይቆይ።

አውሮፓ ያላችሁ ደግሞ ሰፋ ያለ ጊዜ አላችሁ። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ለአዲስ ዕቃ ቢያንስ የሁለት ዓመት ሕጋዊ ዋስትና አለ፣ ተጠያቂውም ሻጩ ነው። ብዙ ሻጮች «አምራቹን አነጋግር» ብለው ይገፏችኋል። ጀርመን ከሆናችሁ ደብዳቤው ላይ «ጋራንቲ» ሳይሆን «ጌቬርላይስቱንግ» ብላችሁ ጻፉ። የመጀመሪያው አምራቹ በፈቃዱ የሚሰጠው ነው፣ ሁለተኛው ሻጩ በሕግ ያለበት ግዴታ ነው። በአንደኛው ዓመት ውስጥ ጉድለት ከታየ ከመነሻው እንደነበረ ይቆጠራል፤ አልነበረም የሚል ሻጭ እሱ ያስረዳ።

«እንዲህ ያለ ችግር ሰምተን አናውቅም» የሚል ሻጭም ያጋጥማል። የኒንቴንዶ ስዊች ጆይኮን በዚሁ ችግር ስሙ ከመነሣቱ የተነሣ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሹንታሮ ፉሩካዋ በ2020 እ.ኤ.አ. ደንበኞችን ይቅርታ ጠይቀዋል። ያልተሰማ ነገር አይደለም።

የእኛው ሻጭ በማግሥቱ መለሰ፦ «እሺ ወንድሜ፣ ይዘኸው ና።» ሄድን። ተኪው ላይ ግን «አመሰግናለሁ» ብለን አልወጣንም። ያው ሞዴል ያው ፖቴንሽዮሜትር ነው ያለው። በማግኔት የሚለኩ፣ ሆል የሚባሉ አናሎጎች ያላቸው ጆይስቲኮች አሉ፤ በእነሱ የሚፋቅ ካርቦን የለም። እዚያ ሱቅ ግን አልነበሩም። ላፕቶፑን ባንኮኒው ላይ ከፍተን አዲሱን ሰካነው። የመጀመሪያው 0.08 አሳየ፣ «ሌላ ስጠን» አልን። ሻጩ ፊቱን አጨማደደ፤ ቢሆንም ከጀርባው ሌላ ካርቶን አወረደ። ሁለተኛው 0.01 ላይ ቆመ። እሱን ይዘን ወጣን።