ሳይጠሩት የሚሰማ ሐዘን፦ ወንዝና ወቅት በደሴና በኮምቦልቻ እንጉርጉሮ

በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ሐዘን በሁለት መንገድ ይዜማል። አንደኛው ሙሾ ነው። ሙሾ አይደብቅም። ሟቹን በስሙ ይጠራል፣ ጀግንነቱን ወይም ደግነቱን ይዘረዝራል፣ ለቀስተኛውን ያስለቅሳል። ሁለተኛው እንጉርጉሮ ነው። ይህ የብቻ ዜማ ነው፤ እህል ሲፈጭ፣ ከብት ሲጠበቅ፣ ማታ ክራር ሲነካካ ይወጣል። እንጉርጉሮ ሞትን በስሙ አይጠራም። ስለ ወንዝ፣ ስለ ደመና፣ ስለ አደይ አበባ ያወራል። ሰሚው ግን ቤት ውስጥ ሰው እንደጎደለ ይገባዋል።

ሰሚው ይህን የሚያውቀው እንዴት ነው? ብዙዎች ምስሉ ስለሚያሳዝን ነው ይላሉ፤ ጉም ያስተክዛል፣ ዝናብ እንባ ይመስላል። እኔ አይመስለኝም። ጉምማ ደሴ ላይ በክረምት የሰርክ እንግዳ ነው፤ የጦሳ ተራራ በጉም ሲሸፈን ማንም ደረቱን አይመታም። ሐዘኑን የሚያመለክተው የወቅቱ ሥርዓት ላይ የሚታይ ስንጥቅ ነው። ወይ ነገሩ ያለ ጊዜው ይመጣል፣ ወይ ወቅቱ በጊዜው መጥቶ አብሮት መምጣት የነበረበት ሰው ይቀራል።

የመጀመሪያውን ዓይነት ለማየት የአገሩን አቀማመጥ ማወቅ ያስፈልጋል። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት። ኮምቦልቻ ከእሷ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል፣ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የቦርከና ወንዝ ከደሴ በኩል ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ ይወርዳል። ስለዚህ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ ታች የሚታየው ቆይቶ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ መሬቱ ደርቆ፣ ወንዙ ግን ጭቃ መስሎ ሊመጣ ይችላል። ታች ያለ ሰው፣ ከላይ የሆነውን የሚያነበው ከውሃው ቀለም ነው።

ለማሳያ ያህል እኔው ያሰናኘኋት ስንኝ ይህችውላችሁ፦

እዚህ ሰማይ ጠርቷል፣ ጠብ እንኳን አላለ፤
ቦርከና ደፍርሷል፣ ከላይ ምን ተባለ?

ቤቱ የወል ቤት የሚባለው ነው። እያንዳንዱ መስመር ሲዜም ስድስት ስድስት ሆኖ ለሁለት ይከፈላል። መሐሉ ላይ ትንፋሽ አለ፤ ሥራው የሚሠራው እዚያ ትንፋሽ ላይ ነው። «ቦርከና ደፍርሷል» ብሎ ዘፋኙ ያርፋል። ሰሚው በዚያች ቅጽበት ስለ ጎርፍ እያሰበ ነው። ቀጥሎ የሚጠብቀው «ከላይ ምን ዘነበ» የሚል ጥያቄ ነው። የሚመጣው ግን «ምን ተባለ» ነው። ዝናብ አይባልም፣ ይዘንባል እንጂ። የሚባለው ወሬ ነው። ሰው መርዶ ሊነገረው ሲል በማለዳ ሽማግሌዎች ደጁ ሲሰበሰቡ የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ምን ተባለ? ከዚያ በኋላ «ደፍርሷል» የሚለው ቃል ራሱ ወደ ኋላ ይዞራል። ያለቀሰ ዓይንም ይደፈርሳልና። ሰሙ ወንዝ ነው፣ ወርቁ ከደጋ የመጣ የሞት ወሬ።

አሁን መጨረሻውን ብቻ ለውጡት፤ «ከላይ ምን ተባለ» በሚለው ፈንታ «ወንድሜ የት አለ» አድርጉት። ልኩ አልተበላሸም፣ ቤቱም መትቷል። ወንዙ ግን ሥራ ፈታ። ወንድም ከተጠራ በኋላ ቦርከና ቢደፈርስም ባይደፈርስም ለውጥ የለውም፤ ለቤት መምቻ ብቻ የገባ ይሆናል። ደካማ ግጥም የሚታወቀው በዚህ ነው። የተፈጥሮውን ምስል አውጥታችሁ ሐሳቡ ካልጎደለ፣ ምስሉ መጀመሪያውኑ ትርፍ ነበር።

ሁለተኛው ዓይነት የመስከረም ነው። በቁጥሩ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ይዘልቃል። ድልድይ ባልነበረበት ዘመን እነዚህ ወራት ዘመድ ከዘመድ የሚቆራረጥባቸው ነበሩ። ወንዝ ሲሞላ ለቅሶም ሠርግም መድረስ አይቻልም። መስከረም ላይ ወንዙ ሲጎድል መንገድ ይከፈታል፤ የራቀ ይመጣል፣ የጠፋ ይጠየቃል። እናም በክረምት አለመምጣት ምክንያት አለው። ወንዙ ጎድሎም ያልመጣ ሰው ግን ምክንያት የለውም። አንድ ብቻ ካልሆነ በቀር።

ወንዙም ጎደለልን፣ አደይም ፈነዳ፤
ደጃፋችን ክፍት ነው፣ ለመጣው እንግዳ።

ይህችም ለማሳያ የተሰናኘች ናት። ላይ ላዩን የእንቁጣጣሽ ደስታ ነች። ነገር ግን የሚጠበቀው የቤቱ ሰው ከሆነ፣ ለምን «እንግዳ» ተባለ? የቤቱ ልጅ ወደ ቤቱ ይገባል እንጂ እንግዳ ሆኖ አይመጣም። በዚያ ላይ ቀኑን ሙሉ ክፍት የሚሆን ደጃፍ የለቅሶ ቤት ደጃፍም ነው።

እዚህ ላይ የዘዴው ወሰን ይታያል። ይህችን ስንኝ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ በጭብጨባ፣ ፈጠን አድርጋችሁ ብታዜሟት ማንም አይከፋውም። ሐዘንዋን የሚያወጣው አዘፋፈኑ ነው። ለምሳሌ በትዝታ ቅኝት ዝግ ብላ ስትዜም፣ በተለይም ከአምስቱ ድምፆች ሁለቱ ግማሽ ድምፅ ዝቅ በሚሉበት ትዝታ፣ «ጎደለልን» የሚለው ምስጋና መሆኑ ይቀራል። ወሎ ለአራቱ ቅኝቶች አገር ናት ይባላል፤ ከእነሱ ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ ከኮምቦልቻ በስተምሥራቅና ከደሴ በስተሰሜን ያሉ ቦታዎች ስም ናቸው። ግን ቅኝቱም ብቻውን አይበቃም። በትዝታ የፍቅር ናፍቆትም ይዘፈናል። እኔ የምለይበት ምልክት አንድ ነው፤ ፈጽሞ የማይስት ነው አልልም። ናፍቆት «አንተ» ወይም «አንቺ» ይላል፤ መልስ ይጠብቃልና። እንጉርጉሮው ሰውየውን ትቶ ወንዙን፣ ተራራውን፣ ደመናውን ማናገር ሲጀምር መልስ መጠበቁን አቁሟል።

በልግም የራሱ ምልክት አለው፤ ባጭሩ እንለፈው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ገደማ የሚጠበቅ ዝናብ ነው፤ በደቡብ ወሎ ደጋዎች ኑሮው በእሱ ላይ የቆመ ገበሬ አለ። የበልግ ደመና መጥቶ ሳያርፍ ሲያልፍ፣ ሐዘኑ የአንድ ቤት ሳይሆን የአገር ነው። የ66ቱንና የ77ቱን ረሃብ ያየ ሽማግሌ ስለዚያ ደመና ሲያንጎራጉር ማብራሪያ አይጠየቅም።

የዘመኑ ገጣሚ በብዛት የሚስተው የሌላ አገር ወቅት ሲዋስ ነው። «ቅጠሉ ረገፈ፣ መስከረም መጣና» የሚል ነገር ይጽፋል። ደሴ ላይ መስከረም ሁሉ ነገር የሚለመልምበት፣ ጋራው በአደይ ቢጫ የሚሆንበት ወር ነው። የሚረግፈው ቅጠል ከየት መጣ? የአገሩ ሰሚ ምስሉን ያደንቅ ይሆናል፣ አያምነውም። የእኛ መስከረም ለሐዘን የሚያገለግለው በማበቡ ነው። ሁሉ ሲመለስ አንዱ መቅረቱ ጎልቶ የሚታየው ያኔ ነውና።

ቦርከናም ቢሆን እንደ ድሮው አይነበብም። መርዶውን ስልክ ቀድሞ ያደርሰዋል፣ ወንዙን በድልድይ እንሻገረዋለን። ኮምቦልቻ ደግሞ የፋብሪካ ከተማ ሆናለች፤ ወደ ወንዙ በሚለቀቅ ፍሳሽ ምክንያት ውሃው ያለ ጎርፍም ቀለሙን ይቀይራል። «ቦርከና ደፍርሷል» ብትሉት ከወንዙ ዳር ያደገ የዛሬ ልጅ በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ፍሳሹ ነው። ደጋ የዘነበውን ዝናብ እንዲያስብ «ጠብ እንኳን አላለ» የምትለዋ ግማሽ መስመር ድሮ ከነበራት የበለጠ ሸክም ወድቆባታል።