«ስለ እኔ» ገጽ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ገጹ ስለ እኔ ነው፤ ስለዚህ የሕይወት ታሪኬን ልጻፍበት።»

የብሎግዎን «ስለ እኔ» ገጽ የሚከፍተው አዲስ ሰው ብዙ ጊዜ በጎግል ፈልጎ አንድ ጽሑፍዎን ያነበበ ሰው ነው። የትውልድ ዘመንዎን ፍለጋ አልመጣም። ይህን የጻፈው ማነው፣ የሚለውንስ ከምን ያውቀዋል ብሎ ነው የመጣው። መልሱን የመጀመሪያዎቹ 2 ወይም 3 ዓረፍተ ነገሮች ላይ ካላገኘ ገጹን ዘግቶ ይሄዳል።

የስፌት ማሽን ጥገና ላይ የሚጽፍ ሰው እንውሰድ። «እንኳን በደህና መጡ! ለቴክኖሎጂና ለፈጠራ ልዩ ፍቅር አለኝ» ብሎ ቢጀምር ምንም አልነገረንም፤ ይህን ማንም ሊጽፈው ይችላል። እንዲህ ቢልስ?

«ክር እየበጠሰ ወይም ስፌት እየዘለለ ላስቸገራችሁ፣ ማሽናችሁን ቤት ውስጥ እንዴት እንደምትጠግኑ እጽፋለሁ። 9 ዓመት በጥገና ሥራ ላይ ነኝ። እዚህ ያለውን ጥገና ሁሉ የሠራሁት ራሴ ነኝ፤ ፎቶዎቹንም ያነሳሁት እኔ ነኝ። የተቃጠለ ሞተር ግን አልጠግንም፤ እሱን ለኤሌክትሪክ ባለሙያ ስጡት።»

እዚህ ውስጥ አንባቢው ጽሑፎቹን ከፍቶ ሊያመሳክረው የሚችል ነገር አለ። ፎቶዎቹ በየጽሑፉ ላይ ከሌሉ ወይም ከሌላ ድረ ገጽ የተወሰዱ ከሆኑ ግን ያው ዓረፍተ ነገር ራሱ ያጋልጠዋል፣ ስለዚህ ማሳየት የማይችሉትን አይጻፉ።

«ዲግሪ ከሌለኝ ማን ያምነኛል?»

እንደሚጽፉበት ርዕስ ይለያያል። ጎግል የፍለጋ ውጤቶችን ጥራት ለሚመዝኑ ሰዎች የሚሰጠው መመሪያ ላይ በታኅሣሥ 2022 (እ.ኤ.አ.) «ልምድ» የሚል መመዘኛ ጨምሯል፤ ጸሐፊው ነገሩን በራሱ ሠርቶታል ወይ፣ ተጠቅሞበታል ወይ ነው ጥያቄው። ለማሽን ጥገና ይህ ይበቃል። የመድኃኒት መጠን ላይ የሚጽፍ ሰው ግን ልምድ አለኝ ብሎ ማለፍ አይችልም። ሙያው ከሌለው ሐኪም አለመሆኑን እዚያው በግልጽ ይጻፍ፣ ምክሩንም ከራሱ ገጠመኝ አያሳልፍ።

«ከምጠቁመው ዕቃ ኮሚሽን እንደማገኝ ባልናገር ይሻላል።»

አንባቢ ሊንኩን ሲጫን አድራሻው ላይ ሊያየው ይችላል፤ ካየው ደግሞ የቀረውንም ጽሑፍ ይጠራጠራል። «በአንዳንድ ሊንኮች ስትገዙ ኮሚሽን አገኛለሁ፤ ያልሞከርኩትን ዕቃ ግን አልጠቁምም» ማለት በቂ ነው። እውነት ከሆነ ብቻ፣ በእርግጥ። ይህም ብቻውን አይበቃም፣ ሊንኩ ያለበት ጽሑፍ ላይም መደገም አለበት፤ ብዙ አንባቢ «ስለ እኔ» የሚለውን ገጽ ጨርሶ አይከፍተውም።

«አንዴ ከጻፍኩት አበቃ።»

«9 ዓመት» የሚለው በሚቀጥለው ዓመት ስህተት ይሆናል፤ ሥራውን የጀመሩበትን ዓመት ቢጽፉ አያረጅም። ገጹ ላይ የጻፉትን ኢሜይልም ከሌላ አድራሻ መልእክት ልከው ይሞክሩት።