ታትሞ የሚሞላ ፕላነር በኦንላይን መሸጥ፦ ከሙከራው እስከ መጀመሪያው ሽያጭ

ገዢው ከፍሎ ዳውንሎድ አድርጎ በራሱ ፕሪንተር የሚያትመው ፕላነር ብዙውን ጊዜ ተራ የፒዲኤፍ ፋይል ነው። የወር ዕቅድ፣ የቤት ወጪ መመዝገቢያ ወይም የጥናት ሰሌዳ ሊሆን ይችላል። ሻጩ አንዴ ይሠራዋል፤ ከዚያ ያው ፋይል ደጋግሞ ይሸጣል። ከታወቁት መሸጫዎች አንዱ በ2005 እ.ኤ.አ. ብሩክሊን ውስጥ የተጀመረውና መጀመሪያ ለእጅ ሥራ ታስቦ የነበረው ኤትሲ ነው።

ኤትሲ ላይ ዝም ብሎ "ፕላነር" ይዞ የሚገባ ሰው ክምር ውስጥ ይጠፋል። ስለዚህ ጠበብ ያለ ምሳሌ እንያዝ። ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት ሴት የኢትዮጵያንና የፈረንጁን ቀን ጎን ለጎን የያዘ የ2019 ዓ.ም. ፕላነር ልትሸጥ አሰበች እንበል።

መጀመሪያ የምታደርገው መፈለጊያው ላይ `ethiopian calendar` ብሎ መጻፍ ነው። የሚመጡትን ዕቃዎች ከፍታ የገዢዎችን አስተያየት ቀን ትመለከታለች። ባለፉት ሁለት ወራት የተጻፈ አስተያየት ካለ ገዢ አለ ማለት ነው። ምንም ከሌለ ግን ሁለት ትርጉም አለው፦ ወይ ፈላጊ የለም፣ ወይ ደህና አድርጎ የሠራው የለም። ይህን ስክሪን አይነግራትም።

ስለዚህ የመስከረምን ገጽ ብቻ ሠርታ አትማ ለአምስት ስድስት ሰው ትሰጣለች። "ወደዳችሁት?" ብላ ብትጠይቅ ዋጋ የለውም፤ በእኛ ይሉኝታ ሁሉም "በጣም ቆንጆ ነው" ይላል። ይልቅ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ጎራ ትበል። ወረቀቱ ፍሪጅ ላይ ተለጥፎ ተጽፎበት ካየች፣ ወይም "የጥቅምቱስ?" የሚል ከመጣ፣ ሐሳቡ ሕይወት አለው። ባዶውን መሳቢያ ውስጥ ከተኛ መልሱ እሱው ነው።

ፋይሉ ሲሠራ መጀመሪያ የሚበላሸው ቀኑ ነው። መስከረም 1 ቀን 2019 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2026 ላይ፣ አርብ ይውላል። ያምናውን ሰንጠረዥ ገልብጦ ቁጥሩን ብቻ የሚቀይር ሰው ግን ጳጉሜ ላይ ይያዛል። የ2018 ጳጉሜ 5 ቀን ናት፤ የ2019 ግን 6። ቀጣዩ እንቁጣጣሽም በሴፕቴምበር 12 ይውላል።

ሁለተኛው ጣጣ ፊደሉ ነው። ፎንቱ ፒዲኤፉ ውስጥ ካልገባ፣ የግዕዝ ፊደሉ በገዢው ኮምፒውተር ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ወይም ቅርጹን ቀይሮ ሊወጣ ይችላል። ፎንቱ ለሽያጭ ሥራ የተፈቀደ መሆኑም መታየት አለበት። አቢሲኒካ ሲል እና ኖቶ የተባሉት ፎንቶች በነፃ ፈቃድ የተለቀቁ ስለሆኑ ለዚህ ይሆናሉ። ካንቫ በተባለው የዲዛይን መሥሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ደግሞ እዚያ ያገኘውን ሥዕል እንዳለ አውጥቶ መሸጥ አይፈቀድለትም።

ቀጥሎ ወረቀት። አሜሪካ የሚታተመው በሌተር ነው፤ 21.6 በ27.9 ሴንቲ ሜትር። አውሮፓና ኢትዮጵያ ኤ4 ነው፤ 21 በ29.7። አንዱን ብቻ ያስቀመጠ ሻጭ የሌላው አገር ገዢ ዳሩ ሲቆረጥበት ወቀሳ ይደርሰዋል። ሁለቱንም ማስቀመጥ ነው የሚሻለው፤ ኤትሲ በአንድ ዕቃ እስከ 5 ፋይል፣ እያንዳንዱን እስከ 20 ሜጋባይት ይቀበላል። የቤት ፕሪንተር እስከ ጠርዝ ስለማያትም ዙሪያውን አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል መተው ይበጃል። ጥቁር ጀርባ ስክሪን ላይ ያምራል፣ ቀለም ግን ይጠጣል።

ዋጋው 4 ዶላር ቢሆን፣ አሜሪካ ላለ ሻጭ ሒሳቡ እንዲህ ይሄዳል። ዕቃውን ለማውጣት 20 ሳንቲም፣ ከሽያጩ 6.5 በመቶ ማለትም 26 ሳንቲም፣ ለክፍያ ማስተናገጃ ደግሞ 3 በመቶና 25 ሳንቲም፣ ሁለቱ አብረው 37 ሳንቲም። እጅ የሚገባው 3 ዶላር ከ17 ነው፤ ታክስና ማስታወቂያ ሳይጨመር። በ1 ዶላር ከ50 ቢሸጥ ግን 60 ሳንቲሙ ይሄዳል። ርካሽነት እዚህ አያዋጣም። አዲስ ሱቅ የመክፈቻ ክፍያም ሊጠየቅ ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ሰው ደግሞ በኤትሲ በኩል ክፍያ መቀበል አይችልም፤ ኢትዮጵያ ከሚከፍልባቸው አገሮች ውስጥ የለችም። ለአገር ውስጥ ገዢ በቴሌግራም ፋይሉን ልኮ በቴሌብር መቀበል ይቀላል።

ይህን ፕላነር መሸጫው ጊዜ ነሐሴ ነው። ጥቅምት ላይ የወጣ የዘመን ፕላነር ግማሽ ሞቷል። የመጀመሪያዎቹ ገዢዎች ብዙውን ጊዜ ያቺን የመስከረም ገጽ ያዩ ሰዎች ወይም የእነሱ ወዳጆች ናቸው፤ ስለዚህ ሊንኩ ቀድሞ የሚላከው ለእነሱ ነው።

የመጀመሪያው ሽያጭ ሲመጣ ፋይሉ ወዲያው ለገዢው ይከፈትለታል። በማግስቱ ግን "ፖስታው መቼ ይደርሳል?" የሚል መልእክት ቢመጣ አይግረማት፤ በዚህ ንግድ የተለመደ ነው። ለዚህ ነው የመጀመሪያው ፎቶ ላይ፣ በትልቁ፣ "የሚላክ ዕቃ የለም፤ ራስዎ የሚያትሙት ፋይል ነው" ተብሎ የሚጻፈው።