ከ60 ዶላር ሽያጭ የሚቀነሰው 1.71 ዶላር ወዴት ይሄዳል?

ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ያለ አንድ የሐበሻ ሱቅ እንውሰድ። እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮና ቡና ይሸጣል። ደንበኛዋ 60 ዶላር ሂሳብ በክሬዲት ካርድ ከፍላ ወጣች። በማግስቱ ወደ ሱቁ ሂሳብ የገባው ግን 58.29 ዶላር ነው። የጎደለውን 1.71 ዶላር ማን ወሰደው? ብዙ ባለሱቆች «ቪዛ ነዋ!» ይላሉ። እውነታው ሌላ ነው። ቪዛ ከዚህ ገንዘብ የሚደርሰው ከሁሉም ትንሹ ድርሻ ነው።

አንድ ካርድ ማሽኑን ሲነካ አራት ወገኖች ይገናኛሉ። አንደኛው ለደንበኛዋ ካርዱን የሰጣት ባንክ ነው፤ ካርድ አውጪ ባንክ እንበለው። ሁለተኛው ለሱቁ ማሽኑን አቅርቦ ገንዘቡን የሚሰበስብለት ድርጅት ነው። አሜሪካ ያሉ ባለሱቆች ፕሮሰሰር ይሉታል፤ ከጀርባው ደግሞ የሱቁን ወገን የሚወክል ባንክ አለ። ሦስተኛው እነዚህን የሚያገናኘው መረብ፣ ማለትም ቪዛ ወይም ማስተርካርድ ነው። አራተኛው ሱቁ ራሱ ነው።

ገንዘቡ የሚጓዘው እንዲህ ነው። ማሽኑ «60 ዶላር አላት ወይ?» ብሎ በመረቡ በኩል ካርድ አውጪውን ባንክ ይጠይቃል። ባንኩ በሰከንዶች ውስጥ ይፈቅዳል። ሂሳቡ ሲወራረድ ግን ባንኩ ሙሉውን 60 ዶላር አይልክም። የራሱን ድርሻ ቀንሶ ነው የሚልከው። ይህ ተቀናሽ ኢንተርቼንጅ ይባላል። መጠኑን በዝርዝር ሠንጠረዥ የሚያወጡት ቪዛና ማስተርካርድ ናቸው፤ ተቀባዩ ግን ካርድ አውጪው ባንክ ነው። ባለሱቁን የሚያደናግረው ይህ ነው።

ወደ 60 ዶላሩ እንመለስ። ደንበኛዋ የያዘችው ነጥብ ወይም ካሽ ባክ የሚሰጥ የተለመደ የቪዛ ክሬዲት ካርድ ነው እንበል። ለእንዲህ ዓይነቱ ካርድ ኢንተርቼንጁ ብዙ ጊዜ 1.65 በመቶና 10 ሳንቲም አካባቢ ነው። ስለዚህ 1.09 ዶላር ለካርድ አውጪው ባንክ ሄደ። ቪዛ ከሽያጩ 0.14 በመቶና በአንድ ግብይት ሁለት ሳንቲም ያህል ያስከፍላል፤ ይህ 10 ሳንቲም ገደማ ነው። ባለሱቁ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተዋዋለው በ2.6 በመቶና በ15 ሳንቲም ነው። እንደ ስኩዌር ያሉ ወጥ ዋጋ የሚያስከፍሉ ድርጅቶች ዋጋቸው በዚህ ዙሪያ ነው። እሱ ሲሰላ 1.71 ዶላር ይመጣል። ከዚህ ውስጥ ለባንኩና ለቪዛ የሚሄደው ሲቀነስ ለፕሮሰሰሩ የሚቀረው 52 ሳንቲም ነው። ከሦስቱ ትልቁን ድርሻ የወሰደው ባለሱቁ አይቶት የማያውቀው፣ ምንም ውል ያልተፈራረመው የደንበኛዋ ባንክ ነው።

ባንኩ በምን ምክንያት ይወስዳል? ክሬዲት ካርድ ብድር ነው። ባንኩ ለሱቁ ዛሬ ይከፍላል፤ ደንበኛዋ ግን ከሳምንታት በኋላ ነው የምትከፍለው። በወቅቱ ከከፈለች ወለድ የለባትም። ጭራሽ ላትከፍል ትችላለች። ካርዱ ተሰርቆም ሊሆን ይችላል። የእነዚህ ሁሉ አደጋ ከገንዘቡ መጠን ጋር ያድጋል፤ ክፍያው በመቶኛ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ከዚያ በላይ ግን ባንኩ ለደንበኛዋ የሚመልስላት ነጥብና ካሽ ባክ አለ። የዚያ ወጪ በአብዛኛው የሚሸፈነው ከኢንተርቼንጅ ነው። በጣም ውድ የሆኑት ካርዶች ኢንተርቼንጅ ከ2 በመቶ የሚያልፈውም ለዚህ ነው። ባለሱቁ «የአንቺን ካርድ አልቀበልም» ሊል አይችልም። የመረቦቹ ደንብ አንድን የቪዛ ክሬዲት ካርድ የሚቀበል ሱቅ ሌሎቹንም የቪዛ ክሬዲት ካርዶች እንዲቀበል ያስገድደዋል።

የዚህ አሠራር መነሻ ካሊፎርኒያ ነው። ባንክ ኦፍ አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1958 ፍሬስኖ ከተማ ውስጥ 60,000 ካርዶችን በፖስታ በትኖ ነበር። ያኔ ካርዱን የሰጠውም ሱቆቹን የመዘገበውም አንድ ባንክ ስለነበር ከሱቁ የሚቀነሰው ሁሉ ለራሱ ነበር። የሚካፈለው አልነበረም። በ1966 ካርዱን ለሌሎች ባንኮች በፈቃድ መስጠት ሲጀምር ነገሩ ተወሳሰበ። የገዢው ባንክና የሱቁ ባንክ ተለያዩ። ከሱቁ የተቀነሰው ለማን ነው? ኢንተርቼንጅ የመጣው ይህን ለመመለስ ነው። ካርዱ ቪዛ የሚለውን ስም ያገኘው በ1976 ነው። እግረ መንገዴን ልበል፤ ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ የቴሌብር ተጠቃሚ ለሌላው ሲከፍል ሁኔታው የፍሬስኖን ዘመን ይመስላል። የገዢውም የሻጩም ሂሳብ በአንድ ቤት ውስጥ ስለሆነ በባንኮች መካከል የሚከፈል ኢንተርቼንጅ አያስፈልግም። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ በአሜሪካ ቪዛ ካርድ ሲከፈል ግን ከተቀናሹ አንዱ ክፍል ባሕር ተሻግሮ ወደ አሜሪካው ባንክ ይሄዳል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቆጨኝ ነገር አለ። ገበያ ላይ ፉክክር ሲኖር ዋጋ ይወርዳል ብለን ነው የምናስበው። በኢንተርቼንጅ ግን ተቃራኒው ይከሰታል። ቪዛና ማስተርካርድ የሚፎካከሩት ባንኮች የእነሱን ካርድ እንዲያወጡ ነው። ባንክ ደግሞ የሚመርጠው ብዙ ኢንተርቼንጅ የሚያስገኝለትን ነው። ስለዚህ ፉክክሩ ራሱ ዋጋውን ወደ ላይ ይገፋዋል። ባለሱቁ ወጪውን በዕቃው ዋጋ ላይ ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ጭማሪውን በካርድ የሚከፍለውም በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለውም እኩል ይሸከማሉ። ባለካርዷ ግን የተወሰነውን በካሽ ባክ ታስመልሳለች። ካርድ የማግኘት አቅም የሌለው ሰው ለሌላው ነጥብ እየከፈለ ነው ማለት ነው። ይህ ፍትሐዊ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

የአውሮፓ ኅብረት ይህን አይቶ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ ለግለሰቦች የሚሰጡ ካርዶች ላይ ጣሪያ አበጀ። ለዴቢት 0.2 በመቶ፣ ለክሬዲት 0.3 በመቶ። በዚያ ሂሳብ የ60 ዩሮ ሽያጭ የክሬዲት ኢንተርቼንጅ 18 ሳንቲም ነው። አሜሪካ የክሬዲት ካርዱን አልነካችም። ዴቢትን ግን በ2010 በወጣው ሕግ መሠረት ከ2011 ጀምሮ ገደበች። ሀብታቸው ከ10 ቢሊዮን ዶላር በላይ የሆኑ ባንኮች በአንድ የዴቢት ግብይት የሚወስዱት ቢበዛ 21 ሳንቲምና 0.05 በመቶ ነው። የማጭበርበር መከላከያ መስፈርት ላሟላ ባንክ አንድ ሳንቲም ይጨመራል። በዴቢት ብድር የለም፤ ገንዘቡ ከደንበኛው ሂሳብ ወዲያው ነው የሚነሳው። ክፍያውን የሚያስፈቅደው የአንድ መልእክት ወጪ ደግሞ ለ6 ዶላርም ለ600 ዶላርም ያው ነው። ስለዚህ ጣሪያው በአብዛኛው ቋሚ ሳንቲም መሆኑ ምክንያታዊ ነው።

ታዲያ ቅናሹ ለባለሱቁ ደረሰው ወይ? ያቺው ደንበኛ 60 ዶላሩን በትልቅ ባንክ ዴቢት ካርድ ከፈለች እንበል። ኢንተርቼንጁ 25 ሳንቲም ብቻ ነው። የመረቡ ክፍያ 9 ሳንቲም ያህል። የባለሱቁ ውል ግን ወጥ ስለሆነ አሁንም 1.71 ዶላር ይቀነስበታል። 1.37 ዶላሩ ለፕሮሰሰሩ ቀረ! ሕጉ ከባንኩ ላይ ያወረደውን ዋጋ በመሃል ያለው ድርጅት ያዘው። ደንበኞቹ በብዛት ዴቢት ለሚጠቀሙ ሱቅ የተሻለው ውል ኢንተርቼንጁን እንዳለ አሳልፎ የራሱን ትንሽ ጭማሪ ለብቻ የሚያሳይ ነው። ወርሃዊ መግለጫው ረጅምና አሰልቺ ይሆናል፤ ግን የማን ድርሻ ስንት እንደሆነ ይታያል።

በትንሽ ሽያጭ ላይ ታሪኩ ይገለበጣል። አንድ ልጅ የ4 ዶላር ቆሎ በዚያው ዴቢት ገዛ። 2.6 በመቶና 15 ሳንቲም ሲሰላ 25 ሳንቲም ይመጣል። ይህ ከሽያጩ ከ6 በመቶ በላይ ነው። ባለሱቁ ቆሎውን በ3 ዶላር ገዝቶት ከሆነ ከአንድ ዶላር ትርፉ ሩቡ ሄደ። ፕሮሰሰሩም አልተጠቀመም፤ 22 ሳንቲም ለባንኩ፣ ሁለት ሳንቲም ለመረቡ ከፍሎ አንድ ሳንቲም ያህል ነው የቀረው። የሚገርመው፣ ከሕጉ በፊት ቪዛ ለትንንሽ የዴቢት ክፍያዎች ዝቅ ያለ ተመን ነበረው፤ 1.55 በመቶና 4 ሳንቲም። በዚያ ሂሳብ የቆሎው ኢንተርቼንጅ 10 ሳንቲም ነበር። ሕጉ ጣሪያ ሲያስቀምጥ ለትልልቆቹ ባንኮች ተመኑ ወደ ጣሪያው ወጣ። ትልቅ ሽያጭ ያለው ሱቅ ተጠቀመ፤ ቆሎና ማኪያቶ የሚሸጠው ተጎዳ።

ባለሱቅ እውነተኛ ወጪውን የሚያውቅበት ቀላል መንገድ አለ። በወሩ የተቀነሰውን ጠቅላላ ክፍያ በካርድ ለተሸጠው ጠቅላላ ያካፍል። 20,000 ዶላር ሸጦ 780 ዶላር ከተቀነሰበት 3.9 በመቶ እየከፈለ ነው፤ ውሉን ያስፈረመው የፕሮሰሰሩ ሠራተኛ «2.6» ቢለውም። ልዩነቱ ከየት መጣ? ትንንሽ ሽያጭ በዝቶ ሊሆን ይችላል። የካርድ መረጃ አያያዙን የሚመለከተውን የደኅንነት መጠይቅ ባለመሙላቱ በየወሩ የሚጣል ቅጣት ሊኖር ይችላል፤ ይህ መጠይቁን ሞልቶ በመላክ ይቀራል። ከሁሉ የከፋው የማሽን ኪራይ ነው። በሁለትና በሦስት መቶ ዶላር የሚገዛ ማሽን ለ48 ወራት፣ በማይሰረዝ ውል ይከራያል። የኪራይ ውሉ ከፕሮሰሰሩ ውል የተለየ ስለሆነ ፕሮሰሰር ቢቀይሩም ኪራዩ ይቀጥላል። ሱቁ ቢዘጋ እንኳ፣ ባለቤቱ በግሉ ዋስ ሆኖ ፈርሞ ከሆነ ዕዳው ይከተለዋል። ብዙ ሰው ሳያነበው የሚፈርመው ወረቀት ይህ ነው።

ወጪውን ለመቀነስ ሕግ የሚፈቅደው ውስን ነው። በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል ቅናሽ ማድረግ ይቻላል። ለክሬዲት ካርድ እስከ 10 ዶላር ዝቅተኛ ግዢ መጠየቅም ይቻላል፤ ለዴቢት ግን አይቻልም። በክሬዲት ላይ ተጨማሪ ማስከፈል በብዙ ግዛቶች ይፈቀዳል፤ ቪዛ ጣሪያውን 3 በመቶ አድርጎታል፣ ከባለሱቁ ትክክለኛ ወጪም መብለጥ የለበትም። በዴቢት ላይ ተጨማሪ ማስከፈልን ግን የመረቦቹ ደንብ ይከለክላል። ደንበኛው ዴቢት ካርዱን ያለ ሚስጥር ቁጥር፣ «ክሬዲት» የሚለውን ተጭኖ ቢጠቀምበትም ካርዱ ያው ዴቢት ነው፤ ክልከላውም አይነሳም።