ሰብልን ከሳተላይት ማየት፦ ኤንዲቪአይ በስንዴ ማሳ ላይ

የዕፅዋት ኢንዴክስ ከሳተላይት ምስል ላይ ተሰልቶ የሰብልን ሁኔታ የሚጠቁም ቁጥር ነው። በብዛት የሚሠራበት ኤንዲቪአይ ሲሆን፣ የሚያነጻጽረው ሁለት የብርሃን ዓይነቶችን ነው። ጤናማ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ምግቡን ለመሥራት ስለሚጠቀምበት ወደ ላይ የሚመልሰው ጥቂቱን ብቻ ነው። ለዓይናችን የማይታየውን ቅርብ ኢንፍራሬድ ግን አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ያህሉን ያንጸባርቃል። ቅጠሉ ሲቀጭጭ ወይም ሲሳሳ ቀዩ ይጨምራል፣ ኢንፍራሬዱ ይቀንሳል።

በነጻ ከሚገኙት ምስሎች ለጀማሪ የሚመቸው የአውሮፓው ሴንቲነል-2 ነው። ቀዩን በባንድ 4፣ ቅርብ ኢንፍራሬዱን በባንድ 8 ይመዘግባል። የሁለቱም ፒክስል በየጎኑ 10 ሜትር ነው። ስሌቱ ይህ ነው፦

```
NDVI = (B08 - B04) / (B08 + B04)
```

አርሲ ውስጥ ያለ የስንዴ ማሳ እንውሰድ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ የቀረቡ ናቸው፤ የቀዩና የኢንፍራሬዱ ቁጥር ከደረሰው ብርሃን ምን ያህሉ እንደተንጸባረቀ ያሳያል፣ 0.05 ማለት ከመቶ አምስት ነው። ስንዴው መሬቱን በደንብ በሸፈነበት ክፍል ቀዩ 0.05፣ ኢንፍራሬዱ 0.40 ቢሆን ውጤቱ 0.78 ይሆናል። በማሳው ዝቅተኛ ጥግ ቀዩ 0.09፣ ኢንፍራሬዱ 0.30 ከሆነ 0.54 ይወጣል። ገና ያልበቀለበት መሬት ቀዩ 0.20፣ ኢንፍራሬዱ 0.26 ቢሆን ደግሞ 0.13 ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ከማመን በፊት ፒክስሎቹ በእርግጥ የማሳው መሆናቸው ይጣራ። ጎንና ጎኑ 50 ሜትር የሆነ ሩብ ሄክታር ማሳ ቢበዛ 25 ፒክስል ይይዛል። የዳር ፒክስሎች ግን ከድንበሩ ሣር፣ ከመንገድ ወይም ከጎረቤት ማሳ ጋር የተቀላቀሉ ናቸው። ስለዚህ ወሰኑን በካርታ ላይ ከሳሉ በኋላ 10 ሜትር ወደ ውስጥ ማስገባት ይበጃል፤ ያኔ ዘጠኝ ያህል ንጹሕ ፒክስል ይቀራል። ስፋቱ ያው ሩብ ሄክታር ሆኖ ቅርጹ 25 በ100 ሜትር ከሆነ ግን መሐል የሚቀረው የ5 ሜትር ቀጭን ሰቅ ስለሆነ አንድም ንጹሕ ፒክስል አይገኝም። ለእንዲህ ዓይነቱ ማሳ ሴንቲነል-2 አይሆንም። በኩታ ገጠም የተዘሩትን አንድ ላይ ማየት ግን ይቻላል፤ የዘሩት ዝርያና የዘሩበት ቀን ተቀራራቢ ከሆነ ነው እንግዲህ።

ሁለተኛው ጣጣ ደመና ነው። ሁለት ሳተላይቶች እየተቀባበሉ በየ5 ቀኑ አንድ ቦታ ላይ ያልፋሉ፤ ነገር ግን በሐምሌና በነሐሴ ከሚገኙት ምስሎች ብዙዎቹ በደመና የተሸፈኑ ናቸው። ወፍራሙ ደመና ችግር የለውም፣ ይታያል። አሳሳቹ ስስ ደመና ነው፤ ቀዩን ብርሃን ስለሚያሳድግ ኢንዴክሱን ዝቅ ያደርገዋልና ስንዴው የታመመ ይመስላል። ስለዚህ መጀመሪያ የተፈጥሮ ቀለሙን ምስል ከፍቶ ማየት ያስፈልጋል። በዚያው ቀን የጎረቤት ማሳዎችና በአካባቢው ያለው ዛፍ ጭምር አብረው ከወረዱ፣ በቀጣዩ ጥርት ያለ ምስል ደግሞ ሁሉም ከተመለሱ፣ ጥፋቱ የሰማዩ ነበር። ምስሉ ሲመረጥ የከባቢ አየር ተጽዕኖ የታረመበት፣ L2A የሚባለው ይሁን።

አሁን ወደ ማሳው ጥግ እንመለስ። 0.54 ብቻውን ጥሩም መጥፎም አይደለም፤ ዘግይቶ የተዘራ ጤነኛ ስንዴም በአንድ ወቅት እዚያ ላይ ይሆናል። ትርጉም የሚያገኘው በዚያው ቀን የማሳው ሌላ ክፍል 0.78 በመሆኑና፣ ጥግዋ በሁለት ሦስት ተከታታይ ምስሎች ላይ ወደ ኋላ በመቅረቷ ነው። ምክንያቱን ግን ሳተላይቱ አይናገርም፤ መሄድ ያስፈልጋል። ቦታው ረባዳና መረሬ ከሆነ ውኃ ተኝቶበት ሊሆን ይችላል፤ ሥሩ ይነቀልና ይታይ። የታችኞቹ ቅጠሎች ቀድመው ከገረጡ ናይትሮጅን ይጠረጠራል። ቅጠሉ ላይ በመስመር የተደረደረ፣ ሲነኩት ጣት የሚያቀልም ቢጫ ዱቄት ካለ ቢጫ ዋግ ነው። ተቃራኒው ስሕተትም አለ፦ አረም የወረረው ክፍል አረንጓዴ ስለሆነ ብቻ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል።

ስንዴው ጥቅጥቅ ብሎ ሲሸፍን ኤንዲቪአይ ከ0.8 እስከ 0.9 አካባቢ ደርሶ ይቆማል። ቀዩ ብርሃን ከሞላ ጎደል ስላለቀ፣ በጥሩና በጣም ጥሩ ሰብል መካከል ያለው ልዩነት አይታይም። በዚህ ጊዜ በባንድ 4 ፈንታ ባንድ 5ን የሚጠቀመው ኤንዲአርኢ ይሻላል፤ የባንድ 5 ፒክስል ግን 20 ሜትር ስለሆነ ከላይ ያልነው ሩብ ሄክታር አይበቃውም። ሰብሉ ካሸተ በኋላ ደግሞ ቅጠሉ በተፈጥሮው ይደርቃል፣ ቁጥሩም ይወርዳል። ያኔ መታየት ያለበት መውረዱ ሳይሆን፣ በአንድ ቀን ከተዘሩት መካከል ቀድሞ የወረደው ማሳ የትኛው እንደሆነ ነው።