«15 ፐርሰንት» ወይስ «480 ብር»? የበዓል ቅናሽ አጻጻፍ በደሴ ቡቲኮች

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ኢድ ሲቃረብም እንዲሁ፣ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ያሉ ቡቲኮች መስታወታቸው ላይ የቅናሽ ወረቀት ይለጥፋሉ። ወረቀቱ በሁለት መንገድ ይጻፋል፤ ወይ በፐርሰንት፣ ወይ በብር። ከባለሱቁ ኪስ የሚወጣው ገንዘብ አንድ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ደንበኛው ግን አንድ አድርጎ አያየውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ዓይን መጀመሪያ የሚይዘው የቁጥሩን ትልቅነት ነው። የ80 ብር ካልሲ በ16 ብር ቢቀንስ «16 ብር ቅናሽ» ማለት ያሳፍራል፣ «20 ፐርሰንት» ሲባል ግን ቁም ነገር ይመስላል። የ3,200 ብር ጃኬት ላይ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል። 15 ፐርሰንቱ 480 ብር ነው፣ በደሴ ብርድ ጃኬት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ 480 የሚለው ቁጥር ከ15 ይልቅ ይጎላል። ሁለቱ የሚገናኙት 100 ላይ ነው፤ የ100 ብር ዕቃ ላይ 20 ፐርሰንትም 20 ብርም አንድ ናቸው። ከዚያ በታች ፐርሰንቱ፣ ከዚያ በላይ ብሩ ትልቅ ቁጥር ይሰጣል። አሜሪካዊው የማርኬቲንግ መምህር ጆና በርገር ይህን «የ100 ሕግ» ብሎ አስተዋውቆታል። እዚያ በዶላር ሲሰላ ከ100 በታች የሆነ ዕቃ ሞልቷል። እኛ ጋ ግን ቡቲክ ውስጥ ከ100 ብር በታች ካልሲና የፀጉር ማስያዣ ካልሆነ ምን ተረፈ? ስለዚህ በቁጥር ብቻ ካየነው ብሩ ሁሌም ያሸነፈ ይመስላል።

ግን ሰው ቅናሹን ከዋጋው ጋርም ያመዛዝናል። አሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን በ1981 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት ጥናት ሰዎችን 5 ዶላር ለማትረፍ 20 ደቂቃ ነድታችሁ ሌላ ሱቅ ትሄዳላችሁ ወይ ብለው ጠየቁ። ዕቃው 15 ዶላር ሲያወጣ 68 ፐርሰንቱ እንሄዳለን አሉ፣ 125 ዶላር ሲያወጣ ግን 29 ፐርሰንቱ ብቻ። ገንዘቡ ያው 5 ዶላር ነው! ስለዚህ የ4,000 ብር ካፖርት ላይ «100 ብር ቅናሽ» ብሎ መለጠፍ ቅናሽ ሳይሆን ቀልድ ይመስላል።

ባለሱቁ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ለሱቁ በሙሉ አንድ ወረቀት ሲለጥፍ ነው። ጃኬቱን በ2,400 ገዝቶ በ3,200፣ ሸሚዙን በ450 ገዝቶ በ600 የሚሸጥ ሰው እንውሰድ። «ሁሉም ዕቃ ላይ 200 ብር ቅናሽ» ብሎ ቢጽፍ ጃኬቱ 3,000 ይሆናል፣ ብዙም አልተጎዳም። ሸሚዙ ግን 400 ይገባል፤ በእያንዳንዱ ሸሚዝ 50 ብር ይከስራል፣ ደንበኛውም ሞኝ አይደለም፣ የሚያነሳው ሸሚዙን ነው። «ሁሉም ዕቃ ላይ 15 ፐርሰንት» ቢል ኖሮ ጃኬቱ ላይ 320፣ ሸሚዙ ላይ 60 ብር ትርፍ ይተርፈው ነበር። በብር መጻፉን ከወደደ ወለል ያስቀምጥለት፤ «ከ2,000 ብር በላይ ለገዛ 200 ብር ቅናሽ» ሲባል ቅናሹ ከ10 ፐርሰንት አያልፍም፣ ሸሚዝ ብቻ የፈለገውም ሌላ ነገር ይጨምራል።

ፐርሰንትም የራሱ ጣጣ አለው። «20 ፐርሰንት፣ ለሁለተኛ ዕቃ ተጨማሪ 10» ሲባል ደንበኛው ደምሮ 30 ይላል። ሁለተኛው 600 ብር ሸሚዝ ግን መጀመሪያ 480፣ ከዚያ 432 ይሆናል፣ ይኸውም 28 ፐርሰንት ነው። እሱ 420 ጠብቆ መጥቷል፣ በ12 ብር የተነሳ ካሸር ላይ ጭቅጭቅ ይነሳል። ተጨማሪው 10 ከመጀመሪያው ዋጋ ይሁን ከቀነሰው ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት።

በእኔ ግምት እኛን ከሌላው የሚለየን ክርክሩ ነው። ወሎ ውስጥ ዋጋ የሚከረከረው በብር ነው፤ «ጋሼ፣ እባክዎ 12 ፐርሰንት ይቀንሱልኝ» ያለ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። «200 ብር ቅናሽ» የሚለውን ያየ ገዢ ክርክሩ የተጀመረ ይመስለውና «ሌላ 100 ጨምሩልኝ» ይላል። ፐርሰንት ግን «ዋጋው ቁርጥ ነው» የሚል ስሜት ይሰጣል። በአንጻሩ ወረቀቱን አንብቦ ወደ ሱቁ የሚገባው ሁሉ «ታዲያ ስንት መጣ?» እያለ የሚጠይቅ ከሆነ ፐርሰንቱ አልገባውም ማለት ነው። ያኔ ዕቃው ላይ 3,200ውን ሰርዞ 2,720 ብሎ መጻፍ ነው። የተሰረዘው ዋጋ ግን በእውነት ሲሸጥበት የነበረ ይሁን፤ ለበዓሉ ሰቅለው የሚያወርዱት ዋጋ በአዋጅ ቁጥር 813/2006 በተከለከለው አሳሳች ማስታወቂያ ሊያስጠይቅ ይችላል፣ ከዚያ በፊት ግን ባለፈው ወር ዋጋ ጠይቃ የሄደችው ደንበኛ ትነቃበታለች።